የትኛው ተከታታይ ዝግጅት ነው ሰዓታችን የሚገባው?



እኛ በቦንጋ የምንገኝ ጥቂት መምህራን ከትምህርት ቤትና ከመድረሳ ሥራችን በተረፈን ጊዜ ለቤተሰብ የሚሆኑ ትምህርታዊ ቪዲዮዎችን እያዘጋጀን በዩቲዩብ እናቀርባለን። ለዚህ ሥራ ያለን ጊዜ በሳምንት ከስምንት ሰዓት አይበልጥም። በዚህች ጊዜ ውስጥ ርዕስ ይመረጣል፣ ማስረጃው ይመሳከራል፣ ቀረጻው ይካሄዳል፣ ከዚያም ይቆረጣል፣ ይቀጠላል። ስለዚህ «የትኛው ተከታታይ ዝግጅት ይቀጥል? የትኛውስ ይቀነስ?» የሚለው ጥያቄ በየወሩ ይነሣል።

ብዙውን ጊዜ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ትዝታ ነው። አንድ ቪዲዮ ከሌሎቹ ተለይቶ ብዙ ሰው ካየው «ይህ ርዕስ ተወዷል» ተብሎ ይደመደማል። ነገር ግን አንድ ጎበዝ ተማሪ የክፍሉን ሁሉ ውጤት እንደማይናገር ሁሉ፣ አንድ ቪዲዮም ስለ ተከታታዩ በሙሉ አይናገርም። መምህር የክፍሉን ደረጃ ማወቅ ሲፈልግ ውጤቱን በትምህርት ዓይነትና በክፍል ለይቶ ይመዘግባል። በቪዲዮም የሚደረገው ይኸው ነው።

መጀመሪያ የሚያስፈልገው አንድ ደብተር ነው። ለእያንዳንዱ ቪዲዮ ሁለት ነገር ይጻፍለታል፤ አንደኛው ርዕሱ ሲሆን ሁለተኛው አቀራረቡ ነው። በእኛ ዘንድ ዋና ዋናዎቹ ርዕሶች የጦሃራና የሰላት ፊቅህ እንዲሁም የልጆች አስተዳደግ ናቸው። አቀራረቡ ደግሞ ወይ አንድ ኡስታዝ ብቻውን የሚያስተምርበት ነው፤ ወይም አንዱ እየጠየቀ ሌላው የሚመልስበት ነው። በዚህ መሠረት አራት ምድቦች እናገኛለን፦ ፊቅህ በትምህርት፣ ፊቅህ በጥያቄና መልስ፣ አስተዳደግ በትምህርት፣ አስተዳደግ በጥያቄና መልስ።

ይህን ምደባ ዩቲዩብ ራሱ እንዲይዝልን ማድረግ ይቻላል። በኮምፒውተር YouTube Studio ተከፍቶ Analytics ከተባለው ወደ Advanced mode ይገባል። እዚያ Groups የሚል ክፍል አለ። አዲስ ምድብ ከፍተን ስም እንሰጠውና የሚገቡበትን ቪዲዮዎች እንመርጣለን። አንድ ምድብ እስከ 500 ቪዲዮ ይይዛል፤ አንዱ ቪዲዮም በሁለት ምድብ ሊገባ ይችላል። ምደባውን የሚያየው የቻናሉ ባለቤትና እርሱ የፈቀደለት ሰው ብቻ ስለሆነ፣ በተመልካች ዘንድ የሚለወጥ ነገር የለም። ሆኖም እዚያ የምናገኘው የምድቡ ጠቅላላ ድምር ነው። ብዙ ቪዲዮ ያለበት ምድብ ድምሩ መብዛቱ አይቀርምና ድምሩን በቪዲዮዎቹ ቁጥር ማካፈል የግድ ነው።

ሁለት ዓይነት ምደባ ለምን አስፈለገ? ለማስላት እንዲመቹ አድርገን ባስቀመጥናቸው ቁጥሮች እንመልከተው። በፊቅህ 16፣ በአስተዳደግም 16 ቪዲዮ አለን እንበል። በርዕስ ብቻ ስንመድባቸው አንድ የፊቅህ ቪዲዮ በአማካይ 255 ጊዜ፣ አንድ የአስተዳደግ ቪዲዮ ደግሞ 345 ጊዜ ታይቷል። ይህን ያየ ሰው ያለ ጥርጥር «ፊቅሁን ቀንሱ» ይላል።

አሁን በአቀራረብም እንለያቸው። ከፊቅህ ቪዲዮዎች 12ቱ ኡስታዙ ብቻውን ያስተማረባቸው ሲሆኑ እያንዳንዳቸው በአማካይ 200 ጊዜ ታይተዋል፤ የቀሩት 4ቱ በጥያቄና መልስ የቀረቡ ሲሆኑ 420 ጊዜ ታይተዋል። በአስተዳደግ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። 4ቱ በትምህርት ቀርበው 180 ጊዜ፣ 12ቱ በጥያቄና መልስ ቀርበው 400 ጊዜ ታይተዋል። እንግዲህ በሁለቱም አቀራረብ ፊቅሁ በጥቂቱም ቢሆን ይበልጣል። አስተዳደግን ከፍ ያደረገው ብዙው ቪዲዮ በጥያቄና መልስ መቅረቡ ነው። በርዕስ ብቻ መድቦ የወሰነ ሰው ሰዎች ስለ ውዱእና ስለ ሰላት መማር አይፈልጉም ብሎ ፊቅሁን ሊተው ነበር፤ ያልተወደደው ግን አቀራረቡ እንጂ ርዕሱ አልነበረም።

ቀጥሎ የዝግጅቱ ሰዓት ይቆጠራል። ኡስታዙ ብቻውን የሚያስተምርበት ቪዲዮ በ4 ሰዓት ያልቃል፣ ጥያቄና መልሱ ግን 8 ሰዓት ይወስዳል እንበል። ስለዚህ በሳምንቱ ስምንት ሰዓት ሁለት ትምህርት ወይም አንድ ጥያቄና መልስ ይሠራል ማለት ነው። ተመልካቹ በትምህርቱ ላይ በአማካይ 3 ደቂቃ ቢቆይ፣ 200 እይታ 10 የእይታ ሰዓት ይሆናል፤ ሁለቱ ቪዲዮዎች 20 ሰዓት ያስገኛሉ። በጥያቄና መልሱ ላይ 4 ደቂቃ ቢቆይ፣ 420 እይታ 28 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ጥያቄና መልሱ ድካሙን ይከፍላል። ዝግጅቱ 8 ሳይሆን 14 ሰዓት የሚወስድ ቢሆን ኖሮ ግን ፍርዱ ይገለበጥ ነበር። ዩቲዩብ የእይታውን ሰዓት ይነግረናል፤ የእኛን የዝግጅት ሰዓት የሚያውቀው ግን ደብተራችን ብቻ ነው።

ማነጻጸሩ ፍትሐዊ እንዲሆን ሦስት ነገር መጠበቅ አለበት። አንደኛ፣ የቪዲዮዎቹ ዕድሜ እኩል ይሁን። ዓመት የቆየን ከወር ጋር ከማወዳደር ይልቅ እያንዳንዱን በወጣበት የመጀመሪያ 28 ቀን መመልከት ይሻላል። ሁለተኛ፣ ወቅቱ ይታይ። በረመዷን የወጣ ቪዲዮ ከሌላው ወር በተለየ ሊታይ ይችላል፤ በካፋ ገጠር ቤተሰቡ ሁሉ ቡና ለቀማ ላይ በሚሆንበት ጊዜ የወጣው ደግሞ ከእኛው አካባቢ ተመልካች ሊያጣ ይችላል። አንዱ ምድብ በሙሉ በረመዷን የወጣ ከሆነ፣ የለካነው አቀራረቡን ሳይሆን ወሩን ነው። ሦስተኛ፣ ሾርትስ የሚባሉት አጫጭር ቪዲዮዎች ለብቻቸው ይመደቡ። ከመጋቢት 22 ቀን 2017 ወዲህ አጭር ቪዲዮ መጫወት እንደጀመረ፣ ተመልካቹ ወዲያው ቢያልፈውም እንኳ፣ አንድ እይታ ተብሎ ይቆጠራል። ይህን ቁጥር ከረጅሙ ቪዲዮ ጋር መደመር ሒሳቡን ያበላሻል።

ከሁሉም ምድብ ውስጥ ከሌሎቹ እጅግ ርቆ የወጣ አንድ ቪዲዮ መኖሩም መፈተሽ አለበት። የምድቡን ቪዲዮዎች በእይታ ብዛት ከላይ ወደ ታች ደርድሮ መሐል ላይ የተገኘውን ማየት ነው። ይህ መካከለኛ ቁጥር ከአማካዩ በጣም ካነሰ፣ ምድቡን ከፍ ያደረገው ያ አንዱ ቪዲዮ ነው ማለት ነው።

ይህም ሁሉ ተደርጎ አራት ቪዲዮ ያለበት ምድብ ገና ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይሆንም። ስለሆነም ውሳኔው በአንድ ጊዜ አይደረግም። የሚቀጥሉትን ስምንት ሳምንታት ያንኑ የፊቅህ ርዕስ አንድ ሳምንት በትምህርት፣ ቀጣዩን ሳምንት በጥያቄና መልስ እያፈራረቁ አቅርቦ ልዩነቱ ይደገም እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ካልተደገመ ልዩነቱ ከአቀራረቡ የመጣ ላይሆን ይችላልና ሰዓታችንን ወደዚያ ማዞር አይገባም።

በመጨረሻም የዚህን ሒሳብ ወሰን ማስታወስ ይገባል። በካፊኖኖ ለእናቶች የተዘጋጀ የውዱእ ትምህርት ተመልካቹ በአማርኛ ከተዘጋጀው ያነሰ ቢሆን፣ ቋንቋውን የሚሰማው ሰው ቁጥር ውስን ስለሆነ ነው፤ መወዳደር ያለበትም በዚያው ቋንቋ ከተሠሩት ጋር ነው። ፈርድ የሆነ ነገር ደግሞ በተመልካች ማነስ ከትምህርት አይወጣም። ቁጥሩ የሚነግረን ዕውቀቱን በምን መልክ ብናቀርበው ሰው ቆይቶ እንደሚሰማው ነው፤ ምን መማር እንዳለበት ግን ከቁጥር አንወስድም። ወላሁ አዕለም።