መርዶን የማይቀድም የሐዘን ቃል

የባልደረባ ወላጅ ሲሞት በየመሥሪያ ቤቱ የሚጻፈው ይታወቃል፦ «በባልደረባችን ወላጅ አባት ሞት የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እየገለጽን ለመላው ቤተሰብ መጽናናትን እንመኛለን።» ቃሉ ክፉ አይደለም። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ያልሰማውን ሠራተኛ ያሰማል። ለሐዘንተኛዋ በስልኳ ሲደርሳት ግን ለሌላ ሰው የተጻፈ ደብዳቤ ተሳስቶ እጇ የገባ ይመስላል፤ የሚያወራው ስለ እሷ እንጂ ለእሷ አይደለምና። ድርቀቱ የመጣው ከተለመደ አባባል ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ከዚያ ይበልጥ የተለመደ ነው፤ ሆኖም ፊት ለፊት ስለሚናገር አይደርቅም። ደግሞም ሐዘንተኛ አዲስ አነጋገር ሲቀርብላት ምን ብላ እንደምትመልስ ማሰብ አለባት፤ ለተለመደው «አሜን» ይበቃል።

አዲስ አበባ ሒሳብ ክፍል የምትሠራ፣ አባቷ ደሴ ያረፉባትን ሴት እናስብ። ጓደኞቿ እንዲህ ቢጽፉላት ይበቃል፦ «እህታችን፣ የአባትሽን ማረፍ ሰምተን አዘንን። ነፍሳቸውን ይማር፤ አንቺንም እግዚአብሔር ያጽናሽ። የወሩን ሒሳብ እኛ እንዘጋዋለን። ስትመለሺ ቤትሽ ለቅሶ እንደርሳለን። መልስ ለመጻፍ አትድከሚ።» ሙስሊም ብትሆን «አላህ ይርሐማቸው፣ ሰብሩን ይስጥሽ» ይባላል፤ በዕድሜ ብትበልጣቸው አንቱታው አይቀርም። በሐዘን መካከል ሥራ ማንሳት ነውር አይደለም ወይ? ቢባል፣ «ሒሳቡን የት አደረስሽው?» ብሎ መጠየቅ በእርግጥ ነውር ነው። «እኛ እንዘጋዋለን» ግን ጥያቄ አይደለም፤ ሸክም ማንሳት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላጅ ሞት የሚሰጠው ፈቃድ ከደመወዝ ጋር 3 የሥራ ቀን ነው፤ ደሴ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሠልስቱ ሳይወጣ የቢሮው ሐሳብ እንደሚመጣባት የታወቀ ነው። «ምን አመማቸው?»፣ «ዕድሜያቸው ስንት ነበር?» የሚለው ግን ከመልእክቱ ይውጣ። ለቅሶ ቤት ተቀምጣ ራሷ ስታወራው ይሰማል እንጂ በጽሑፍ አይጠየቅም።

ከቃሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ሰዓቱ ነው። በእኛ ዘንድ ሞት ወዲያው አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ብዙ ጊዜ ማለዳ፣ ሰው አጠገቧ ሆኖ መርዶ ይነገራታል። ቢሮው ወሬውን ከእሷ ቀድሞ የሚሰማበት ጊዜ አለ። አንዱ ቸኩሎ በቴሌግራም ቡድኑ «ነፍስ ይማር» ብሎ ከጻፈ መርዶ ነጋሪው እሱ ሆነ፤ እሷም ታክሲ ውስጥ ብቻዋን ታነበዋለች። መዘግየት ግድ የለሽነት ይመስላል የሚል ይኖራል። ግማሽ ቀን ዘግይቶ የመጣን ማጽናኛ ግን ሐዘንተኛ አትቀየምም፤ በስልክ የተረዳችውን የአባቷን ሞት ግን መልሶ በወግ ማርዳት አይቻልም። ስለዚህ ከቡድኑ አንድ ሰው፣ በተለይ ቤተሰቧን የሚያውቅ፣ ለቅርብ ዘመዷ ይደውልና «ተረድታለች ወይ?» ብሎ ይጠይቅ፤ አዎ እስኪባል ማንም አይጻፍ።