የፈተናው ጥያቄና የልጅ ልጄ ካርድ

ትንሿ ልጄ የነርስነት ትምህርቷን አጠናቅቃ ለመውጫ ፈተና ስትዘጋጅ፣ ማታ ማታ ጥያቄ የማነብላት እኔ ነበርኩ። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ጡረተኛ ስለሆንኩ ጥያቄ ማንበብ አይከብደኝም። እሷ ዓይኗን ጨፍና ትመልሳለች፤ እኔ ደግሞ ከወረቀቱ ጀርባ መልሱን አይቼ «ልክ ነሽ» ወይም «ተሳስተሻል» እላለሁ።

አንድ ማታ ስለ ሕፃናት እድገት የሚጠይቅ ክፍል ላይ ደረስን። የትልቋ ልጄ ልጅ ባቢ ያን ጊዜ ገና አንድ ዓመቱን መድፈኑ ነበር። እናቱ ሥራ ስለምትውል ከእኔ ጋር ነው የሚውለው። በአሥር ወሩ ድክ ድክ ማለት ስለጀመረ ሰፈሩ ሁሉ «ምን ዓይነት ጎበዝ ነው!» ይል ነበር። እኔም አላፍርም፣ ያሳደግኩት እኔ ነኝ ብዬ እኩራራ ነበር። ያን ዕለት ማታም በመካከላችን ወዲያ ወዲህ እያለ ነበር ጥያቄውን ያነበብኩት።

ጥያቄው ሁለት የአንድ ዓመት ሕፃናትን ያቀርባል። የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ስትወለድ 2.8 ኪሎ ነበረች፤ በ6 ወሯ 6.5፣ በ9 ወሯ 7.3፣ አሁን 7.9 ኪሎ ሆናለች። ዳዴ ትላለች፣ ወንበር ይዛ ትቆማለች፣ ትንሽ ነገር በሁለት ጣቷ ታነሳለች፣ እጇን እያወዛወዘች ቻው ትላለች። ብቻዋን ግን አትሄድም። እናቷ የጎረቤት ልጅ በአሥር ወሩ ስለሄደ ተጨንቃለች። ሁለተኛው ወንድ ነው። ሲወለድ 3.3 ኪሎ ነበር፤ በ6 ወሩ 7.9፣ በ9 ወሩ 8.1፣ አሁን 8.2 ኪሎ ነው። ብቻውን ይሄዳል፤ እናቱም ምንም ስጋት የላትም። ጥያቄው «ቶሎ ምርመራና ክትትል የሚያስፈልገው የትኛው ነው?» ይላል።

ልጄ አፏን ሳትከፍት እኔ ቀደምኳት። «ይቺ ምን ጥያቄ ናት! ሴቷ ናታ። ቀጭን ናት፣ አትሄድም።»

ሳቀች። «እማዬ፣ ፈታኞቹ የሚያጠምዱት አንቺን የመሰለውን ነው። መልሱ ወንዱ ነው» አለችኝ። ወረቀቱን ገልብጬ አየሁ፤ ልክ ነበረች።

ሒሳብ አስተማሪን «ተሳስተሻል» ብሎ ዝም ማለት አይቻልም፤ አስረጂኝ አልኳት። ደብተሯ ላይ የእድገት መከታተያ ግራፉን አወጣች። ከታች ዕድሜ በወር፣ በጎን ክብደት በኪሎ የተጻፈበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጣው ሲሆን፣ የተሠራውም በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጡት እየጠቡ በጥሩ ሁኔታ ያደጉ ጤናማ ሕፃናት ተመዝነው ነው። በመሐል አንድ መስመር አለ፤ ግማሾቹ ጤናማ ሕፃናት ከእሱ በላይ፣ ግማሾቹ ከእሱ በታች ናቸው። ከሥሩ ሌሎች መስመሮች አሉ። ከመቶ ጤናማ ሕፃናት 16 ያህሉ ከመጀመሪያው የታች መስመር በታች ይሆናሉ። ከሁለተኛው የታች መስመር በታች የሚሆኑት ግን ሁለት ያህል ብቻ ስለሆኑ፣ ከዚያ በታች የወረደ ልጅ ክብደቱ ለዕድሜው ዝቅተኛ ነው ይባላል።

የሴቷን ቁጥሮች አንድ በአንድ ነጥብ አድርገን ግራፉ ላይ አስቀመጥናቸው። አራቱም ነጥቦች የመጀመሪያው የታች መስመር ላይ ዐረፉ። ትንሽ ሆና ተወልዳ፣ በትንሽነቷ መንገዷን ሳትለቅ አድጋለች። የወንዱን ደግሞ በወንዶች ግራፍ ላይ አስቀመጥን፤ የሴትና የወንድ ግራፍ የተለያየ ነውና። እስከ 6 ወሩ ልክ በመሐለኛው መስመር ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን መስመሮቹ ወደ ላይ ሲሄዱ የእሱ ነጥቦች ጠፍጣፋ ሆኑ። በስድስት ወር ውስጥ የጨመረው 300 ግራም ብቻ ነው። አሁን በመጀመሪያውና በሁለተኛው የታች መስመር መካከል ነው ያለው። ከሴቷ ይከብዳል፤ «ዝቅተኛ ክብደት» የሚለው ስምም ገና አልደረሰበትም። ነገር ግን ከራሱ መንገድ ወጥቷል።

«ጥያቄው የሚጠይቀው ልጁ የት እንዳለ ሳይሆን ወዴት እየሄደ እንደሆነ ነው» አለችኝ። «አንድ ነጥብ ምንም አይነግርሽም።»

«እሺ፣ አለመሄዷስ?» አልኳት። ሕፃናት ብቻቸውን መሄድ የሚጀምሩበትን ጊዜ አሳየችኝ። ጤናማ ልጅ ከ8 ወሩ ገደማ ጀምሮ እስከ 17 ወር ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ሊሄድ ይችላል። ያለ ድጋፍ መቀመጥም ከ4 ወር ገደማ እስከ 9 ወር ይዘልቃል። ጭራሽ ዳዴ ሳይሉ ተነሥተው የሚሄዱ ልጆችም አሉ። ሴቷ ይዛ ከቆመችና ጣቶቿን ከተጠቀመችበት፣ ቻውም ካለች፣ በዓመቷ የሚጠበቀውን እያደረገች ነው። ሊያስጨንቅ የሚገባው በ9 ወሩ ያለ ድጋፍ የማይቀመጥ፣ በዓመቱ ድምፅ እያወጣ የማይኮላተፍ፣ በዓመት ከመንፈቁ የማይሄድ ልጅ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ በማንኛውም ዕድሜ ቢሆን ይችል የነበረውን ነገር ያቆመ ልጅ ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት። ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ከሆነም ዕድሜው የሚቆጠረው ሊወለድ ይገባው ከነበረበት ቀን ነው፤ ሁለት ወር ቀድሞ የተወለደ የአንድ ዓመት ልጅ የሚመዘነው እንደ አሥር ወር ልጅ ነው።

ወንዱ መሄዱ ደግሞ ክብደቱን አይሸፍንለትም። መሄድ ስለ ነርቩና ስለ ጡንቻው ይናገራል፤ ስለ ጎደለው ምግብ ግን አይናገርም። ይህን ስትል ሁለታችንም ባቢን አየነው። ማን ቀድሞ እንዳየው አላስታውስም።

የክትባት ካርዱ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ከጀርባው ግራፉ አለ፤ ማንም ግን ነጥብ አልሞላበትም፣ ቁጥሮቹ ብቻ ናቸው የተጻፉት። ሠላሳ ዓመት ልጆችን ግራፍ ሳስል የኖርኩ ሴት፣ የልጅ ልጄን ካርድ ለክትባት ቀን ብቻ ነበር የማወጣው። ልደት 3.4፣ በ6 ወሩ 7.9፣ በ9 ወሩ የኩፍኝ ክትባት ሲወስድ 8.4። ከዚያ ወዲህ አልተመዘነም። በማግሥቱ ጠዋት ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ነርሷ ልብሱን አስወልቃ፣ ሚዛኑ ዜሮ ላይ መሆኑን አይታ መዘነችው። 8.5 ኪሎ። በሦስት ወር 100 ግራም! በዚያ ዕድሜ በመሐለኛው መስመር ላይ ያለ ወንድ ልጅ በሦስት ወር 700 ግራም ያህል ይጨምራል።

ሲስተሯ አልደነገጠችም፣ አላስደነገጠችንምም። አስተኝታ ቁመቱን ለካች፤ 75 ሴንቲ ሜትር ሆነ፣ ለዕድሜው ደህና ነው። «ምግብ ሲጎድል ቀድሞ የሚቀንሰው ክብደት ነው፤ ቁመት የሚቆመው ጉድለቱ ሲቆይ ነው። ስለዚህ በጊዜ መጥታችኋል» አለችን። የክንዱን ዙሪያ በመለኪያዋ ለካች፤ 13.2 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ከ12.5 ቢያንስ ኖሮ የምግብ እጥረት ሕክምና ውስጥ ይገባ ነበር፤ ከ11.5 በታች ቢሆን ደግሞ ከባድ ነው። እግሩን በጣቷ ተጫነችው፤ እብጠት የለውም። ተቅማጥ፣ ትኩሳት፣ ሳል እንዳለበት ጠየቀች። የለበትም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ቀን ላይ የሚያበሉት እርስዎ ነዎት፣ እማማ? ምን ይበላል?»

ይህን ጥያቄ ነበር የፈራሁት። ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ቀን ላይ አጥሚት በጡጦ፣ ከሰዓት እንደገና ሻይ። አጥሚቱን የማቀጥነው እንዳያንቀው ብዬ ነው። ጠግቦ ይተኛል፤ ስለዚህ በቂ ይመስለኝ ነበር። እናቱን ያሳደግኩትም እንዲሁ ነው።

ሲስተሯ አልተቆጣችኝም። የሕፃን ሆድ ትንሽ ስለሆነች ውሃ ከሞላባት ለምግቡ ቦታ እንደማይቀር ነገረችኝ። ሻይ ደግሞ ሆድ ከመሙላቱ ሌላ በምግቡ ውስጥ ያለውን አይረን ሰውነቱ እንዳይወስድ ያደርጋል። «ገንፎውን በማንኪያ ያንሡና ማንኪያውን ያጋድሉት። ከፈሰሰ ቀጭን ነው፤ ከማንኪያው ላይ ከቆየ ልክ ነው» አለችኝ። በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ወፍራም ምግብ፣ በመካከል አንድ ወይም ሁለት ጊዜ መቆያ፣ ገንፎው ውስጥ ዘይት ወይም ቅቤና የጥራጥሬ ዱቄት፣ ሲገኝ እንቁላል፣ ሻይ ጨርሶ እንዲቀር፤ ጡቱም እስከ ሁለት ዓመቱ ይቀጥላል። ከወር በኋላ በዚያው ሚዛን እንዲመዘን ቀጠረችን። ሚዛን ከሚዛን ስለሚለያይ ሌላ ቦታ መዝኖ ማወዳደር ያሳስታል።

በመንገድ ላይ አላወራሁም። ትንሿ ልጄ ገብቷት «እማዬ፣ እስኪጠፋ ሳትጠብቂ ነው ያመጣሽው እኮ» አለችኝ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንደሚባለው መሆኑ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ያመጣው እኔ የተሳሳትኩት ጥያቄ ነው።

ከወር በኋላ ባቢ 8.8 ኪሎ ሆነ። በቀጣዩ ወር 9.2። ወደ መሐለኛው መስመር ገና አልተመለሰም፤ ነጥቦቹ ግን እንደገና ወደ ላይ ማቅናት ጀምረዋል። አሁን ነጥቡን የምሞላው እኔ ነኝ፤ ካርዱም ከመሳቢያው ወጥቶ ከኩሽናው በር ጀርባ ተሰቅሏል።

የጎረቤቴ የልጅ ልጅ ባለፈው ሳምንት ዓመቷን ደፈነች። ትንሽዬ ናት፣ አትሄድም፤ አያቷ «እንደ ባቢ አልሆነችልኝም» ብላ አዘነችብኝ። «ካርዷን አምጪው» አልኳት። ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ነጥቦቹን አንድ በአንድ አገናኘናቸው። ሁሉም ከአንድ መስመር አልወጡም።