«ገባህ?»

ታላቅ ወንድሜ ያገባው አባባ ባረፈ በስምንተኛው ወር ነበር። ንግግር እንዲያደርጉ የተጠየቁት የአባባ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ማይኩን ያዙ፣ እንግዶቹን አመሰገኑ፣ የሙሽራዋን ቤተሰብ አመሰገኑ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ወንድሜ ዛሬ ቢኖር ኖሮ…» አሉ። አልጨረሱትም። ከኋላ ካለው ጠረጴዛ አክስቴ «ወንድሜን!» ብላ ጮኸች። እማዬ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ዲጄው የሚያደርገው ቢጠፋው ለስለስ ያለ ሙዚቃ ከፈተና ጭራሽ አባሰው። የሙሽራዋ ዘመዶች አባባን አንድም ቀን አይተውት አያውቁም፤ ምን ያድርጉ፣ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። ጭፈራው በኋላ ቀጥሏል። የዚያን ቀን ቪዲዮ ግን እማዬ እስከ ዛሬ አላየችውም።

ስለዚህ ባለፈው ጥር ታናሽ እህቴ ልታገባ ስትል መጀመሪያ የመጣው ጥያቄ ይኸው ነበር። «የአባባ ስም ሳይነሳ መዳር አልፈልግም» አለችኝ፤ ቀጥላም «ግን ሠርጌ ለቅሶ ቤት እንዲሆንም አልፈልግም። አንቺ ተናገሪ።»

የጋሼን ንግግር በልቤ ደጋግሜ አዳመጥኩት። እንደኔ ጥፋቱ አባባን ማንሳታቸው አልነበረም፤ «ቢኖር ኖሮ» ማለታቸው ነው። እነዚህን ሁለት ቃላት ከልጅነታችን ጀምሮ የምንሰማቸው ለቅሶ ቤት ነው። «ቢኖር ኖሮ» ሲባል ሰው የሚያየው ባዶውን ወንበር ነው። «እንዲህ ይል ነበር» ሲባል ግን የሚያየው ሰውየውን ነው። «ነፍሱን ይማረውና» የሚለውም እንደዚያው ነው፤ አንዱ ሲል ሁሉም «ነፍስ ይማር» ብሎ ይመልሳል፣ ከዚያ በኋላ አዳራሹን ወደ ሆታ መመለስ ከባድ ነው። ለነፍስ ይማሩ ሌላ ቦታ ለመስጠት ወሰንን፤ በሠርጉ ዕለት ጠዋት፣ ቤት ውስጥ፣ እህቴ የእማዬንና የጋሼን ጉልበት ስትስም። ያኔ ሙሽራ ብታለቅስ ማንም አይገረምም።

ቀጥሎ የቸገረኝ ምን እንደምናገር ነው። መጀመሪያ የጻፍኩት አባባ በአንድ ደመወዝ አራት ልጅ እንዴት እንዳሳደገ፣ ለእኛ ሲል ስንት ዓመት አንድ ኮት እንደለበሰ ነበር። እውነት ነው፤ ግን ለራሴ እንኳ ሳነበው ሁለተኛው መስመር ላይ ጉሮሮዬ ተዘጋ። መስዋዕትነት ሲነገር ሰው ያለቅሳል። ቀደድኩትና ዘመዶቻችን ሲገናኙ ራሳቸው እያነሱ የሚስቁበትን ነገር ፈለግኩ። እሱ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፦ ቆጠራው።

አባባ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ልጆቹን ይቆጥር ነበር። ትንንሽ ሳለን በር ላይ ቆሞ፤ ካደግን በኋላ በስልክ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ አንድ ቃል ብቻ፦ «ገባሽ?» «ገብቻለሁ» ካልን ይዘጋል። አንዴ ወንድሜ ለሥራ ድሬዳዋ ሄዶ ሆቴል ውስጥ ሆኖ «ገብቻለሁ» ቢለው፣ «የት?» ብሎ ጠይቆታል።

ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ማታ ለእማዬ ነገርኳት። እሷ ሳታውቅ ማይክ ፊት መቆም አልፈለግኩም። «አንሺው» አለች፤ «ግን ጥቁር አታልብሺው።» አነበብኩላት። መጀመሪያ አለቀሰች። ድጋሚ ሳነብላት አቋረጠችኝና «‹ገብተሻል ወይ?› አይደለም የሚለው፤ ‹ገባሽ?› ነው» ብላ አረመችኝ። ሦስተኛው ላይ ሳቀች። ለአክስቶቼ ደግሞ በማግሥቱ ግቢ ውስጥ ሽንኩርት ሲከትፉ ነገርኳቸው፤ የሚያለቅስ ቢኖርም ሽንኩርቱ ይሸፍነዋል። «ወንድሜን!» ያለችው አክስቴ የድሬዳዋውን ታሪክ ከእኔ አስበልጣ አወራችው።

ጋሼ ነበሩ አስቸጋሪው። «ጋሼ፣ ዘንድሮ አይናገሩ» ማለት ነውር ነው። ወንድሜ ሄዶ «ጋሼ፣ ምርቃቱን ከእርስዎ ሌላ ማን ይችለዋል?» አላቸው። እውነትም ነው፤ ጋሼ ሲመርቁ ማቆሚያ የላቸውም። ደስ ብሏቸው ያዙት።

ለብቻዬ በስልኬ እየቀዳሁ ስለማመድ አንድ ነገር አስተዋልኩ። «አባባ» ባልኩ ቁጥር ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ «አባታችን» ስል ግን አይንቀጠቀጥም። አባባ እያልኩ ነው ያደግኩት፤ አባታችን የሰነድ ላይ ቃል ነው። ስለዚህ ንግግሩ ውስጥ «አባታችን» አልኩ። ስለ እሱ የምናገረውም ሲለካ አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም፤ ጠቅላላው ሦስት ደቂቃ ነበር። መሀል ላይ አስገባሁት። መጀመሪያ ላይ ቢሆን ቀሪውን ሁሉ ያከብደዋል፤ መጨረሻ ላይ ቢሆን ደግሞ ሰው ይዞት ወደ ቦታው ይመለሳል።

ወንድሜ ፎቶውን በትልቁ ስክሪን ላይ እናሳይ ብሎ ነበር። ተከራከርን። በመጨረሻ አባባ በወጣትነቱ፣ አፍሮ አበጥሮ፣ ቤልቦተም ለብሶ የሆነ ሰው ሠርግ ላይ ሲጨፍር የተነሳውን አገኘንና መግቢያው ላይ ካሉት የቤተሰብ ፎቶዎች መሀል አስቀመጥነው። ሻማ የለ፣ አበባ የለ። እንግዶች ሲገቡ እያዩት ይስቁ ነበር።

ሰው ከበላ በኋላ፣ ኬኩ ሳይቆረስ ተጠራሁ። እንግዶቹን አመሰገንኩ፣ የእህቴን ልጅነት ትንሽ አወራሁ። ከዚያ እንዲህ አልኩ፦ «አባታችን ማታ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ልጆቹን ይቆጥር ነበር። አራት ነን። ጥያቄው አንድ ነው፤ ‹ገባሽ?› ይላል። መልሱም አንድ ነው።» የድሬዳዋውን ጨመርኩ። የእኛ ወገን ጠረጴዛዎች ቀድመው ሳቁ፤ የሙሽራው ወገንም ተከተለ። ቃሉ ላይ ሳልቆይ ወደ ሙሽራው ዞርኩ። «ከዛሬ ጀምሮ ቆጠራው አምስት ሆኗል። እኔ የቤቱ ታላቅ ሴት ልጅ ነኝና ኃላፊነቱ የእኔ ነው። ገባህ?»

ሙሽራው ማንም አልነገረውም ነበር። ብድግ አለና በሙሉ ድምፁ «ገብቻለሁ!» አለ።

እልልታው ከአክስቴ ጠረጴዛ ተነሳ። ዲጄውን «እልልታ ስትሰማ ሙዚቃ ልቀቅ» ብዬው ስለነበር አንድ ሰከንድ አልጠበቀም፤ ኬኩ ጋ የደረሱት እየጨፈሩ ነው። እማዬን አየኋት። ዓይኗ እርጥብ ነበር፤ እጇ ግን ያጨበጭብ ነበር።

ይኼ ለሁሉም ቤት ይሆናል አልልም። የወንድሜ ሠርግ ጊዜ፣ እማዬ ገና ጥቁር ሳታወልቅ፣ ማንኛችንም ቆጠራውን አንስተን መሳቅ አንችልም ነበር። ያኔ ቢሻል ኖሮ ለመልስ ማቆየት ነበር፤ መልስ ላይ ቤተሰብ ብቻ ስለሚሆን ቢለቀስም እንግዳ አይጨነቅም።

ከጫጉላ ሽርሽራቸው በተመለሱ ማታ እነእህቴ ቤት ነበርኩ። ሁለት ሰዓት ላይ የሙሽራው ስልክ ጠራ። እማዬ ናት። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።