ክፍያውን የተቀበለው ማን ነው?

ዩቲዩብ በ2023 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የፕሪሚየም ዋጋውን ሲጨምር፣ በድረ ገጹ ለሚመዘገብ ሰው በወር 13.99 ዶላር፣ በአይፎን አፑ ለሚመዘገብ ደግሞ 18.99 ዶላር አደረገው። አገልግሎቱ ያው ነው። አምስቱን ዶላር ያመጣው አፕል በአፕ ስቶር በኩል ከሚፈጸም ክፍያ ላይ የሚቆርጠው ኮሚሽን ነው፤ መደበኛው ተመን በመጀመሪያው ዓመት 30 በመቶ፣ ደንበኛው ከዚያ በላይ ሲቆይ 15 በመቶ ነው። ከ18.99 ላይ 30 በመቶው ሲነሳ 13.29 ይቀራል፤ ከድረ ገጹ ዋጋ ብዙም አይርቅም። ከፋዩ ግን በዓመት 60 ዶላር ይጨምራል።

ከዋጋው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ውሉ ከማን ጋር እንደሆነ አለመታወቁ ነው። በአፕ ስቶር የተከፈለን ገንዘብ የሚሰበስበው አፕል ነው፤ ባንኩ በሚልከው ዝርዝር ላይም የሚታየው APPLE.COM/BILL የሚል ጽሑፍ ነው። የአገልግሎቱ ባለቤት ካርዱን አያየውም፤ ስለዚህ ደውለው ቢለምኑትም ገንዘቡን ሊመልስልዎ አይችልም። አፑን ከስልክ ማጥፋትም ክፍያውን አያስቆምም። የሚቆመው በስልኩ Settings ውስጥ ስምዎን ነክተው Subscriptions ላይ ሲሰርዙት ነው፤ ያውም ክፍያው ከሚታደስበት ሰዓት ቢያንስ አንድ ቀን ቀደም ብሎ። ገንዘብ እንዲመለስ የሚጠየቀው በ reportaproblem.apple.com ነው።

ዋናው ውዥንብር ያለው ግን ከዚህ ቀጥሎ ነው። ክፍያው የተመዘገበው በአፕል አካውንትዎ፣ አገልግሎቱ የሚከፈትልዎ ደግሞ በኩባንያው አካውንትዎ ነው። አንድ ሰው አፑ ውስጥ በአፕል በኩል ሲገባ ኢሜይሉን ለመደበቅ ከመረጠ፣ ኩባንያው የሚያውቀው በ @privaterelay.appleid.com የሚያልቅ አድራሻ ብቻ ነው። ይኸው ሰው ኮምፒውተር ላይ በጂሜይሉ ሲገባ ያልተከፈለበት ሌላ አካውንት ይከፈትለታል። ክፍያው አልሰራም ብሎ በካርዱ ድጋሚ ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም በየወሩ ይቆርጣሉ። ከመክፈሉ በፊት አፑ ውስጥ የአካውንቱን ገጽ ከፍቶ ኢሜይሉን ድረ ገጹ ላይ ካለው ጋር ቢያስተያይ ምክንያቱን ያገኘው ነበር። ኢሜይሉ አንድ ሆኖ አፑ ራሱ የተከፈለበትን አገልግሎት ካልከፈተ ደግሞ Restore Purchases የሚለውን መንካት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

በአፕ ስቶር መክፈል ይሻላል የሚሉ ሰዎች እንዲህ የሚሉት ያለምክንያት አይደለም። የካርድ ቁጥርን ለማያውቁት ኩባንያ ከመስጠት ያድናል፤ መሰረዙም ቀላል ነው፣ አንዳንድ ድረ ገጾች ደግሞ ሆን ብለው መውጫውን ይደብቃሉ። ስሙን ሰምቼው ለማላውቅ ትንሽ አፕ እኔም ይህንኑ መንገድ እመክራለሁ። ስመ ጥር በሆነ፣ ከስልክ ውጭ በቴሌቪዥንና በኮምፒውተርም በምንጠቀምበት አገልግሎት ላይ ግን ድረ ገጹ ይበልጣል። ታዲያ አፑ ራሱ ለምን አልነገረንም? አፕል ለዓመታት አፖች ደንበኛውን ወደ ውጭ ክፍያ እንዳይመሩ ይከለክል ስለነበር ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ይህ በሰፊው የተከፈተው በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. በወጣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው።

መቀየር የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ ስልኩ ላይ ይሰርዝ፤ የከፈለበት ጊዜ እስኪያልቅ ይጠቀምበት፤ ካለቀ በኋላ አፑ ላይ ባየው በዚያው ኢሜይል ድረ ገጹ ላይ ይመዝገብ።