ሳይክሉ 187፣ ድካሙ 28 በመቶ

የላፕቶፕ ባትሪ በውስጡ ትንሽ ቺፕ አለችው፤ ስንት ሳይክል እንደሠራና አሁን ስንት ኃይል መያዝ እንደሚችል የምትመዘግበው እሷ ናት። ሁለቱ መዝገቦች የተለያየ ነገር ይናገራሉ። ሃርጌሳ ላይ ዛሬ ለሽያጭ የቀረበ አንድ ያገለገለ ዴል ላቲቱድ ይህንን ልዩነት ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። ሻጩ «ሳይክሉ ሁለት መቶ እንኳን አልሞላም፣ ባትሪው አዲስ በለው» ይላል። ሳይክሉን በተመለከተ እውነቱን ነው። ባትሪው ግን አዲስ አይደለም።

በዊንዶውስ ማሽን ላይ ንባቡ አንድ ትእዛዝ ብቻ ይፈልጋል። በኮማንድ ፕሮምፕት ይህ ይጻፋል፦

```
powercfg /batteryreport
```

ትእዛዙ battery-report.html የሚባል ፋይል ያወጣል፤ የተቀመጠበትንም ቦታ እዚያው ይናገራል። ፋይሉ በብሮውዘር ሲከፈት ከላይ አካባቢ Installed batteries የሚል ክፍል አለ። እዚያ DESIGN CAPACITY ፋብሪካው የሰጠው አቅም ነው፣ FULL CHARGE CAPACITY ዛሬ ባትሪው ጢም ብሎ ሲሞላ የሚይዘው ነው፣ CYCLE COUNT ደግሞ የሳይክሉ ብዛት። የላቲቱዱ ንባብ በቅደም ተከተል 60,000 ሚሊዋት ሰዓት፣ 43,200 ሚሊዋት ሰዓትና 187 ነበር። 43,200 ለ60,000 ሲካፈል 72 በመቶ ይሆናል፤ ስለዚህ ባትሪው 28 በመቶ ደክሟል። በማክ ላይ ሳይክሉ System Information ውስጥ Power በሚለው ሥር ይገኛል። አንዳንድ የዊንዶውስ ማሽን ሳይክሉን ሳይጽፍ ሰረዝ ብቻ ያስቀምጣል፤ ያኔ ሁለቱን አቅሞች ማነጻጸር ይበቃል።

አንድ ሳይክል ማለት ገመዱን አንድ ጊዜ መሰካትና መንቀል አይደለም። ከባትሪው የወጣው ኃይል ተደምሮ መቶ በመቶ ሲሞላ አንድ ይቆጠራል። ዛሬ ግማሹን፣ ነገ ግማሹን የተጠቀመ ሰው በሁለት ቀን አንድ ሳይክል ጨረሰ ማለት ነው። አፕል ለአብዛኞቹ የቅርብ ዓመታት ማክቡኮች ያስቀመጠው ወሰን 1000 ሳይክል ነው። በሌሎች ብዙ ላፕቶፖች ግን ከ300 እስከ 500 ሳይክል ባለው ውስጥ አቅሙ ወደ 80 በመቶ መውረዱ የተለመደ ነው።

ታዲያ 187 ላይ ያለ ባትሪ እንዴት 28 በመቶ ይደክማል? የቢሮ ላፕቶፕ ዓመታትን ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ያሳልፋል። ባትሪው ሁልጊዜ ሙሉ ሲሆን የሴሎቹ ቮልቴጅ ከፍ እንዳለ ይቆያል። ሙቀት ሲጨመርበት በውስጡ ያለው ፈሳሽ ይበላሻል፤ ኃይል ማመላለስ የሚገባው ሊቲየምም ከፊሉ በሴሉ ውስጥ በሚፈጠር ሽፋን ታስሮ ይቀራል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሳይክል ቆጣሪው ንቅንቅ አይልም። ሃርጌሳ ደጋማ ስለሆነች አየሯ ለባትሪ ያን ያህል ክፉ አይደለም። ዕቃው የሚገባባት በርበራ ግን በሙቀቱ ወራት ከ40 ዲግሪ በላይ የምትሞቅ የባሕር ዳር ከተማ ናት፤ ኮንቴይነር ውስጥ ያለው ሙቀት ደግሞ ከውጭው ይብሳል። ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ እዚያ የከረመ ላፕቶፕ ማንም ሳይነካው ያረጃል።

በዚህ ገበያ ላይ በእውነት የሚያናድደው ዋጋው አይደለም፤ ሪፖርቱን ለማየት የሚጠየቀው አምስት ደቂቃ መከልከሉ ነው። ሰው ከአረብ አገር እህቱ የላከችለትን ወይም በሆቴል ሥራ ያጠራቀመውን ዶላር በዛድ የሞባይል ክፍያ ልኮ ማሽን ይገዛል። ሻጩ ስክሪኑን ያሳያል፣ ኪቦርዱን ያስነካል፤ ባትሪው ሲነሳ ግን «ወንድሜ፣ አትጠራጠር» ይላል፤ ቻርጀሩንም ከጀርባው አይነቅልም። ጥርጣሬ ስድብ አይደለም። ዊንዶውሱ በአዲስ መልክ ሲጫን የሚጠፋው ሪፖርቱ ውስጥ ያለው የሳምንታት ታሪክ ነው፤ አቅሙና ሳይክሉ በባትሪው ቺፕ ላይ ስለሚኖሩ ዲስኩን በመደምሰስ አይጠፉም። ቀላሉ መደበቂያ አለማሳየት ነው። ስለዚህ ቻርጀሩ ተነቅሎ ሪፖርቱ እስኪከፈት ድረስ ገንዘቡ አይላክም፤ ይህንን የሚከለክል ሻጭም መልሱን ሰጥቷል።

ወደ ቁጥሮቹ ስንመለስ፣ 72 በመቶ ማለት «ይቀየር» ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 80 በመቶ አምራቾች አቅሙን የሚመዝኑበት መስመር ነው፤ ባትሪው እዚያ ላይ አይሞትም። የሚያስፈልገው መቶኛውን ወደ ሰዓት መለወጥ ነው። የሪፖርቱ Recent usage ክፍል ቀሪውን ኃይል ከነሰዓቱ ያሳያል። ላቲቱዱ በጽሑፍና በብሮውዘር ሥራ ሁለት ሰዓት ያለ ቻርጀር ቆይቶ ከ43,200 ወደ 25,200 ወረደ። 18,000 ሚሊዋት ሰዓት በሁለት ሰዓት፣ በአማካይ 9 ዋት መሆኑ ነው። 43,200 ለ9,000 ሲካፈል 4.8 ሰዓት ይሰጣል፤ ማሽኑ ከዜሮ በፊት ስለሚዘጋ አራት ሰዓት ተኩል ግድም ማለት ይሻላል። ባትሪው አዲስ እያለ በዚሁ ሥራ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይቆይ ነበር።

ቤቱ መብራት ሲጠፋ ሁለት ሰዓት መሥራት ለሚበቃው ተማሪ ይህ ባትሪ ገና ነው፤ ዋጋው ላይ ተከራክሮ መውሰድ ያዋጣዋል። ቀኑን ሙሉ ከቢሮ ቢሮ እየዞረ ለሚሠራ ሰው ግን ከወዲሁ አጥሯል። የሚቀየርበት ጊዜ ባለቤቱ የሚፈልገው ሰዓት ሲጎድል ነው። ሪፖርቱ ውስጥ Battery capacity history የሚለው ሰንጠረዥም መታየት አለበት። በወራት ውስጥ ቀስ እያለ የሚወርድ ባትሪ ጊዜ ይሰጣል፤ በጥቂት ሳምንት አሥር በመቶ የሚጥል ግን ወይ የቺፗ ግምት ተዛብቷል፣ ወይ አንዱ ሴል እየሞተ ነው።

እነዚህን ሁለቱን የሚለየው ቀላል ሙከራ ነው። ባትሪው መቶ በመቶ ይሞላል፣ ከዚያ ማሽኑ ራሱ እስኪዘጋ ድረስ ያለ ቻርጀር ይሠራል፣ ትንሽ አርፎ ሳይቋረጥ እንደገና ይሞላል። ንባቡ ከተስተካከለ ችግሩ የግምት ነበር። ከዚህም በኋላ 30 በመቶ እያሳየ ድርግም ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ሴሉ ሥራ ሲከብድበት ቮልቴጁን መያዝ አቅቶታል፤ መቶኛው ምንም ቢል ይቀየራል።

ያበጠ ባትሪ ስሌት አይጠብቅም። ታችፓዱ ወደ ላይ ከተገፋ፣ ክዳኑ አልገጥም ካለ ወይም ላፕቶፑ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ከተወዛወዘ፣ ሪፖርቱ 95 በመቶ ቢልም ማሽኑ ይጠፋል፣ ከቻርጀር ይነቀላል፣ ባትሪው ሳይበሳና ሳይጫን በሚችል ባለሙያ ይወጣል። እሱን ተጭኖ ክዳኑን በብሎን ማሰር እሳት መጋበዝ ነው።

አዲስ ተብሎ የሚገባው ባትሪም በዚሁ መንገድ ይፈተናል። የቆዩ ሴሎችን ከአዲስ መዝገብ ጋር አሽጎ መሸጥ ስላለ፣ ዜሮ ሳይክልና እኩል የሆኑ ሁለት አቅሞች ብቻቸውን ማስረጃ አይሆኑም። ያው ሥራ፣ በዚያው የስክሪን ብርሃን፣ በሰዓት ተይዞ ይሠራል፤ 60,000 የሚል ባትሪ በ9 ዋት ሥራ ሦስት ሰዓት ላይ ከጠፋ ውስጡ 60,000 የለም። ከሁለት ሳምንት በኋላም ሪፖርቱ እንደገና ይወጣል፤ FULL CHARGE CAPACITY በዚህ ጊዜ ውስጥ ብዙ ከወረደ ባትሪው ወደ ሻጩ ይመለሳል።