ከቃለ መጠይቅ በኋላ

ልጄ አዳሚ ቱሉ ላይ ለእንስሳት እርባታ ባለሙያነት ቃለ መጠይቅ አድርጋ ስትመለስ፣ ለኃላፊው የምትልከውን ምስጋና አነበበችልኝ። «እጅግ በጣም የማከብርዎትና የማደንቅዎት! ዕድሜ ልኬን አልረሳዎትም፤ ውለታዎን በምን ልክፈል?» ይላል።

ገና ሳይቀጥራት ምን ውለታ አለ? ልመና ይመስላል። ደግሞ ለማንም ሊላክ ስለሚችል ሰውየው እሷን ከሌሎቹ አይለይባትም።

«ምን ጠየቀሽ?» አልኳት።

«በበጋ መኖ ሲያጥር የግራር ፍሬ ለፍየል ስለመስጠት።»

«እሱን ጻፊዋ!»

ዕድሜ ልኩም ውለታውም ወጣ። «ጤና ይስጥልኝ። ትናንት ጊዜ ሰጥተው ስላነጋገሩኝ አመሰግናለሁ። የግራር ፍሬን ለፍየል መኖነት ስለመጠቀም ያነሱት ጥያቄ ለሥራው ያለኝን ፍላጎት ጨምሮታል። ተጨማሪ ማስረጃ ካስፈለገ አቀርባለሁ።»

ከሥር ስሟንና ስልኳን ጨምራ በማግስቱ ጠዋት ላከችው።