«የሚመለከተው አካል» ማነው?

ባለሙያው ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ ለሦስት ቀን ሥራ ወደ አንዲት የገጠር ቀበሌ የወረደው በመጋቢት 2016 ነው። በዚያ ሳምንት ገንዘብ ያዥዋ ዘንድ ጥሬ ገንዘብ ስላልነበረ ከኪሱ አውጥቶ ሄደ። ግማሹን የተበደረው ከባልደረባው ነው። ሰኔ ሲገባ ገንዘቡ አልተመለሰለትም፤ ሰነዱ ግን አራት ጊዜ ተመልሶለታል።

መጀመሪያ ኃላፊው ፈረሙለት። ፋይናንስ ሲደርስ «ቀበሌው መድረስህን ያረጋገጠበት ወረቀት የለም» ተባለ። ያንን ይዞ ሲመጣ «ለሞተር የከፈልክበት ደረሰኝ የታለ?» አሉት። ሦስተኛው የቀን ጉዳይ ነው። የነዳጅ ማደያው ማሽን ደረሰኙ ላይ 12/03/2024 ብሎ ያተመ ሲሆን፣ የጉዞ ትእዛዙ ደግሞ 03/07/2016 ይላል። ሁለቱም ያው አንድ ቀን ነው፤ ወረቀቱን ለሚያገላብጥ ሰው ግን የተለያየ ቀን ይመስላል። በአራተኛው፣ ሰነዱ ስለተቀየረ የኃላፊው ፊርማ እንደገና ይፈለጋል ተባለ። ኃላፊው ደግሞ ባሕር ዳር ስብሰባ ላይ ነበሩ።

እዚህ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ሁሉም ግድግዳው ላይ በተለጠፈው መመሪያ ነው የሠሩት። መመሪያው እንዲህ ይላል፦ «አስፈላጊ ማስረጃዎች ተሟልተው ሲቀርቡ በሚመለከተው አካል ተረጋግጦና ጸድቆ ክፍያው ይፈጸማል።» ሲያነቡት ያምራል። ግን ማን ያረጋግጣል? ማን ያጸድቃል? ማን ይቀድማል? አማርኛችን «ይረጋገጣል»፣ «ይፈጸማል» ብሎ ሠሪውን መደበቅ ይችልበታል። «አስፈላጊ» የምትለዋ ቃል ደግሞ በየጠረጴዛው ትርጉሟ ይለያያል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ነገሩ የተበላሸው እዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው።

መመሪያውን እንደገና የጻፈችው የሂሳብ ሠራተኛዋ ናት። መጀመሪያ ያደረገችው ተመላሽ የሆኑትን ሰነዶች ሰብስባ የተመለሱበትን ምክንያት ዘርዝሮ መጻፍ ነው። አብዛኛው የጎደለ ወረቀት ነበር፤ ጉድለቱ የሚታወቀውም ኃላፊው ከፈረሙ በኋላ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገለበጠችው። ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ምርመራ መጀመሪያ ይሁን፣ የኃላፊው ፊርማ ደግሞ ለተሟላ ሰነድ ብቻ ይዋል አለች። አዲሱ ጽሑፍ ይህን ይመስላል፦

1. ከጉዞ በፊት፦ የቅርብ አለቃው የጉዞ ትእዛዙን ይፈርማል። የሂሳብ ሠራተኛዋ በጀት መኖሩን አይታ ትፈርማለች። ሁለቱ ፊርማዎች ሳይኖሩ ጉዞ አይጀመርም።

2. ተጓዡ በተመለሰ በ7 ቀን ውስጥ አራት ወረቀት ለሂሳብ ሠራተኛዋ ያስረክባል፦ የጉዞ ትእዛዝ፣ የቀበሌው ማኅተም ያለበት የመድረሻና የመነሻ ማረጋገጫ፣ የወጪ ደረሰኞች፣ የሥራ ሪፖርት።

3. የሂሳብ ሠራተኛዋ ተጓዡ ፊቷ ቆሞ ሳለ አራቱን ትቆጥራለች። የጎደለ ካለ የጎደለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ጽፋ ትሰጠዋለች።

4. የቅርብ አለቃው ሥራው መሠራቱን ያረጋግጣል።

5. ኃላፊው ክፍያውን ያጸድቃሉ።

6. ገንዘብ ያዥዋ ትከፍላለች።

የመረመረችው አታጸድቅም፣ ያጸደቁት አይከፍሉም። ኦዲተር የሚፈልገው ይህ መለያየት አልተነካም፤ የተለወጠው ተራው ነው።

ደረሰኝ ለማይሰጥ ሞተርና በቅሎም ቦታ ተሰጠው። ተጓዡ የተነሳበትን፣ የደረሰበትንና የከፈለውን ቅጽ ላይ ሞልቶ ይፈርማል፣ የቅርብ አለቃው የመንገዱን ዋጋ አይቶ ይፈርማል። የፈረንጅ ቀን ባለበት ደረሰኝ ላይ ደግሞ የሂሳብ ሠራተኛዋ የታተመውን ሳትነካ፣ ደረሰኙ በሚለጠፍበት ወረቀት ላይ የኢትዮጵያን ቀን ትጽፋለች።

ጽሑፉን ከመለጠፏ በፊት ለሂሳብ ሰዎች አላሳየችም። እነሱ የጎደለውን በልምድ ይሞሉታል። ይልቅ አንጋፋውን ሾፌር ጠራችና፣ «ጋሼ፣ ይችን ያንብቡና ቀጥሎ የት እንደሚሄዱ ይንገሩኝ» አለቻቸው። ሾፌሩ እስከ አምስተኛው ድረስ አልተደናቀፉም። እዚያ ላይ ቆሙና፣ «ኃላፊው ከሌሉስ ልጄ?» አሉ። አምስተኛው ተራ ላይ አንድ መስመር ተጨመረ፦ «ኃላፊው ከሌሉ በጽሑፍ የወከሉት ሰው ያጸድቃል፤ የተወካዩ ስም እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።»

ግልጽ መመሪያ የሌለ በጀት አይፈጥርም። ካዝናው ባዶ ከሆነ ስድስተኛው ተራ ላይ መጠበቅ አለ። ግን ያኔ ሰውየው የሚጠብቀው ገንዘብ መሆኑን ያውቃል፤ ወረቀት ጎድሎ እንደሆነ እያሰበ በየቢሮው አይንከራተትም።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። የባለሙያው ሰነድ በአዲሱ ተራ የገባው ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ነው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ የሞተሩ ቅጽ። እዚያው ቆሞ ሞላው። ገንዘቡን ሲቀበል መጀመሪያ የሄደው ወደ ቤቱ አልነበረም፤ ወዳበደረው ባልደረባው ጠረጴዛ ነው።